ለ60 ሳንቲ ሜትር ቦይ የትኛው ዊር ይሻላል? ቪ ወይስ ቀጥ ያለ አፍ

ዊር ማለት ቦዩን አቋርጦ የሚቆም፣ ውሃው በአፉ ላይ ሲያልፍ ከፍታው ተነቦ ፍሰቱ የሚሰላበት ላሜራ ነው። ላሜራውን ከመቁረጣችሁ በፊት ቦያችሁ በክረምትና በበጋ ስንት ሊትር በሰከንድ እንደሚያወርድ በግምትም ቢሆን ማወቅ አለባችሁ፤ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው። እዚህ የማነጻጽረው ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ በድንጋይና በሲሚንቶ በተሠራ የመስኖ ቦይ ላይ ነው። ውሃው ሲያንስ 5፣ ሲበዛ 25 ሊትር በሰከንድ ይደርሳል እንበል።

ለብየዳ ቤት ልታዙ የምትችሉት ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው አፉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ነው። ሁለተኛው መሃል ላይ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ፣ ለምሳሌ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነው። ሦስተኛው 90 ዲግሪ ቪ ነው። ቀመሮቻቸው በሜትርና በሜትር ኩብ በሰከንድ እነሆ፦

```
ሙሉ ወርድ፦  Q = 1.84 × L × H^1.5
መሃል የተቆረጠ፦ Q = 1.84 × (L − 0.2H) × H^1.5
ቪ 90°፦   Q = 1.38 × H^2.5
```

Q የውሃው ፍሰት፣ L የአፉ ስፋት ነው፤ H ማለት ውሃው ከዊሩ አፍ (በቪ ከሆነ ከሹሉ ታች) በላይ ያለው ከፍታ ነው። በእኛ ቦይ ላይ ሲሰላ ይህን ይሰጣል፦

| ዊር | H በ5 ሊትር | H በ25 ሊትር |
|---|---|---|
| ሙሉ ወርድ | 2.7 ሳ.ሜ | 8 ሳ.ሜ |
| መሃል የተቆረጠ 30 | 4.4 ሳ.ሜ | 13.5 ሳ.ሜ |
| ቪ 90° | 10.6 ሳ.ሜ | 20 ሳ.ሜ |

ብዙ ሰው የቪ ቀመር ላይ 2.5 የሚለውን አይቶ «የንባብ ስህተትን ያባዛል» ብሎ ይሸሻል። ሒሳቡ ግን የሚለው ሌላ ነው። የውሃ አባቱ የውሃውን ከፍታ የሚያሳየውን ሜትር ሲያነብ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት፣ በ5 ሊትር ላይ ሙሉ ወርዱ ወደ 28 በመቶ ያዛባል፤ ቪው 12 በመቶ ገደማ ብቻ። ውሃው በቪው ላይ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ያው ስህተት ከጠቅላላው ከፍታ ትንሽ ድርሻ ይሆናል። በዚያ ላይ ከ6 ሳንቲ ሜትር በታች ውሃው ከአፉ ተላቆ አይወድቅም፣ ላሜራውን ተጣብቆ ይወርዳል፤ ያኔ ቀመሩ አይሠራም። ሙሉ ወርዱ እዚህ ቦይ ላይ የሚታመነው ከ16 ሊትር ገደማ ጀምሮ ነው።

መሃል የተቆረጠው አማካይ መፍትሔ ይመስላል፤ ለጠባብ ቦይ ግን አልመክረውም። ቀመሩ H ከአፉ ስፋት ሲሶ እንዳይበልጥ፣ በግራና ቀኝም ቢያንስ የH እጥፍ ያህል ላሜራ እንዲቀር ይፈልጋል። እኛ ጋ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ H 7.5 ላይ ሲደርስ ገደቡ ያልቃል። ቦያችሁ ከሜትር ተኩል በላይ ሰፊ ከሆነ ግን ጥሩ ዕቃ ነው።

ቪው የሚያስከፍለው በጥልቀት ነው። የአፉ ታች ከቦዩ ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ በ25 ሊትር ከዊሩ ጀርባ የተጠራቀመው ውሃ ከወለሉ 50 ይደርሳል፤ 60 ጥልቀት ያለው ቦይ ይችለዋል፣ 45 ከሆነ ግን ማሳ ላይ ይፈሳል። ያኔ 38 ላይ የሚቆመውን ሙሉ ወርድ መውሰድ ግድ ነው። ሙሉ ወርዱን ከወሰዳችሁ ከሚወድቀው ውሃ ጀርባ አየር የሚያስገባ ቱቦ አስቀብሩ። ግድግዳው ጎኑን ስለሚዘጋ ውሃው አየሩን ጠርጎ ይወስዳል፤ የሚወድቀውም ወደ ላሜራው ይሳባል፤ በዚያው ንባብ ከቀመሩ የበለጠ ውሃ ያልፋል። ምልክቱ በውሃውና በላሜራው መካከል ክፍተት አለመታየቱ ነው። በየትኛውም ዓይነት ዊሩን አልፎ የወረደው ውሃ ከአፉ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

አሁን ስለ ንባቡ። አንድ ጊዜ ሙሉ ወርድ ዊር ላይ ሜትሩን ለዓይን ይመቻል ብዬ ከአፉ አጠገብ ግድግዳው ላይ ቀባሁት። ውሃው አፉ ጋ ሲደርስ ቀድሞ ስለሚጎብጥ 8 የሆነው ከፍታ 6.8 ገደማ ይነበብ ነበር፤ ከአምስት እጅ አንዱን የሚበልጥ ውሃ ከመዝገብ ጠፋ። የገበሬዎቹ ድርሻ የሚመዘገበው በዚያ ንባብ ስለነበር እስካሁን ይቆጨኛል። ሜትሩን የከፍተኛውን H አራት እጥፍ ያህል ከዊሩ ውሃው ወደሚመጣበት በኩል አርቁ፤ በእኛ ቪ ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ማለት ነው። ዜሮውን ከአፉ ደረጃ ጋር ውሃ በተሞላ ላስቲክ ቱቦ አስተካክሉ። ውሃው አፉ ላይ ሲደርስ አይቶ ምልክት ማድረግ አይበቃም፣ ከመፍሰሱ በፊት አብጦ ይቆማልና።

በራሱ የሚመዘግብ የግፊት ሴንሰር የምትገዙ ከሆነ እስከ 5 ሜትር የሚለካውን ተዉት። ስህተቱ 0.1 በመቶ ነው ቢባል እንኳ የሚቆጠረው ከሙሉ ልኬቱ ስለሆነ ያው 5 ሚሊ ሜትር ነው። የ1 ሜትሩን ጠይቁ። በቀን ሁለቴ የሚያነብ ሰው ካለ ግን በደንብ የተተከለ ሜትር ይበቃል፤ ገንዘቡን ላሜራው ላይ አውሉት። የማይዝግ ብረት ይሁን፤ አፉ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው፣ በሞረድ የሚሳለውም ውሃው በሚወድቅበት በኩል ብቻ ይሁን። ከታች ደለል ማጠቢያ በር ማስገባት አትርሱ፦ ከዊሩ ጀርባ ደለል ሲሞላ ውሃው እየፈጠነ ይመጣል፣ ንባቡም ከእውነተኛው አንሶ ይታያል።