ለአንድ የዋንዛ አልጋ የቀረቡ ሁለት ዋጋዎች፦ የ380 ብር ልዩነት የት ተደበቀ?

ፍራሹ 1.50 በ1.90 ሜትር ለሆነ የዋንዛ አልጋ ሁለት አናጢዎችን በዝርዝር ዋጋ እንዲጽፉልኝ ጠየቅኋቸው። የእንጨት ዋጋ ከቦታ ቦታና ከወር ወር ስለሚለያይ፣ ለስሌቱ እንዲመች ከዚህ በታች ለሁለቱም አንድ ሜትር ኩብ ያልተላገ ዋንዛ በ60,000 ብር ይዣለሁ። አንባቢ በራሱ አካባቢ ዋጋ ሊተካው ይችላል።

| | የመጀመሪያው | ሁለተኛው |
|---|---|---|
| እንጨት | 0.11 ሜ.ኩ. = 6,600 | 0.15 ሜ.ኩ. = 9,000 |
| ብክነት | 30% = 1,980 | 20% = 1,800 |
| የእጅ ዋጋ | 5,000 | 3,500 |
| ምስማር፣ ቡሎን፣ ኮላ | 500 | 300 |
| ቫርኒሽ | 1,800 | 900 |
| ድምር | 15,880 ብር | 15,500 ብር |

ድምሩን ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለተኛው በ380 ብር ይረክሳል፤ የብክነት መቶኛውም ዝቅ ያለ ነው። ይሁን እንጂ መቶኛው ከምን ላይ እንደተሰላ ሳይታወቅ ስለ ብክነት ምንም ማለት አይቻልም። ይህንን ለማወቅ አልጋው ሲያልቅ የሚኖረውን እንጨት ከልኩ ተነስቼ ራሴ አሰላሁ። ለምሳሌ የራስጌው ሰሌዳ 1.50 ሜትር ርዝመት፣ 0.60 ሜትር ከፍታና 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ስላለው 1.50 × 0.60 × 0.025 = 0.0225 ሜትር ኩብ ይሆናል። ግርጌው፣ አራቱ እግሮች፣ ሁለቱ የጎን ጣውላዎች፣ ርብራቡና እርሱን የሚሸከሙት እንጨቶች በዚሁ መንገድ ተሰልተው ሲደመሩ 0.108 ገደማ መጣ። ስለዚህ የመጀመሪያው አናጢ የጻፈው 0.11 የተላገና የተቆረጠ እንጨት ልክ ነው፤ ብክነቱን ለብቻው መጨመሩም ተገቢ ነው። 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የጎን ጣውላ የሚወጣው ከ4 ሳንቲሜትር ጣውላ ነው፤ ከውፍረቱ ብቻ ሩቡ የመላጊያ ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል። ከ4 ሜትር ጣውላ ሁለት የ1.50 ሜትር ቁራጭ ሲወጣ ደግሞ 1 ሜትር ይተርፋል። ጎበዝ አናጢ ይህንን ትርፍ ወደ ሌላ ክፍል ያዞረዋል እንጂ አይጥለውም። ይህ ሁሉ ሲታሰብ 30% የተጋነነ አይደለም።

ሁለተኛው የጻፈው 0.15 ግን ካለቀለት አልጋ በ0.04 ይበልጣል፤ ይኸውም ከገበያ የሚገዛው ያልተላገ እንጨት መጠን ነው ማለት ነው። ብክነቱ እዚያው ውስጥ ስላለ 20 በመቶው ለሁለተኛ ጊዜ የተከፈለ ብክነት ነው። «0.15 ያሉት የተላገ ነው ወይስ ያልተላገ?» ብዬ ስጠይቀው «ከእንጨት ቤት የምገዛውን ነው» አለኝ፤ 1,800ውንም ብዙ ሳይከራከር ሰረዘው። ዋጋው 13,700 ብር ሆነ።

ቫርኒሹን ደግሞ በስፋት መመዘን ይቻላል። ርብራቡ ካልተቀባ የዚህ አልጋ የሚታየው ገጽ 5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሊትር ቫርኒሽ በአንድ ዙር ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ብንል፣ ለሦስት ዙር 1.5 ሊትር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አናጢ 1.5 ሊትር፣ ቲነርና በየዙሩ መካከል የሚያለሰልስበትን ብርጭቆ ወረቀት ዘርዝሮ ጽፏል። የሁለተኛው 900 ብር አንድ ሊትርና ጥቂት ቲነር ብቻ የሚገዛ ስለሆነ ከሁለት ዙር አያልፍም። ያንን ጥራት ከእርሱም ብንጠይቅ 900 ብር ይጨመርና 14,600 ይደርሳል።

አሁንም የቀረው የ1,280 ብር ልዩነት በዋናነት ከእጅ ዋጋው የመጣ ነው፤ ምክንያቱም የአልጋው አገጣጠም ነው። የመጀመሪያው የራስጌውንና የግርጌውን አግዳሚ ጫፍ ጠርቦ፣ በእግሩ ላይ በፈለፈለው ቀዳዳ አስገብቶ በኮላ ያያይዛል፤ የጎን ጣውላዎቹን ደግሞ በቡሎን ያስራል። ሁለተኛው አብዛኛውን በምስማር ይመታል። እንጨቱ እየደረቀ ሲኮማተር ምስማሩ ይላላል፤ አልጋው በተገላበጡ ቁጥር የሚጮኸውም ከዚያ በኋላ ነው። በየሁለት ዓመቱ ቤት ለሚቀይር ተከራይ ቡሎኑ ሌላ ጥቅም አለው፤ አልጋው ተፈትቶ በጠባብ ደረጃ ይወጣል። በአንድ ቤት ለረጅም ጊዜ ለሚቆይና በጀቱ ለጠበበ ሰው ግን የሁለተኛው፣ ብክነቱ ከተሰረዘ በኋላ፣ ክፉ ምርጫ አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ።

ቀብድ ከመስጠቴ በፊት ግን ከእርሱም ጋር አንድ ነገር አስተካከልን። ርብራቡና ተሸካሚዎቹ ብቻቸውን 0.039 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከጠቅላላው እንጨት ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ናቸው፤ ፍራሽ ስለሚሸፍናቸውም ብዙ ጊዜ ከባህር ዛፍ ወይም ከሌላ ርካሽ እንጨት ይሠራሉ። ይህ ነውር የለውም፤ ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ሁሉም በዋንዛ ዋጋ ከተሰላ፣ ገዢው ብክነቱን ጨምሮ 3,000 ብር ለሚጠጋ ዋንዛ ከፍሎ ባህር ዛፍ ይቀበላል። «ርብራብ፦ ባህር ዛፍ፣ 0.039 ሜ.ኩ.» ተብሎ በሌላ መስመር፣ በራሱ ዋጋ እንዲጻፍ አደረግሁ።