የፍሪጅ እዝታና የክፍል ማስተጋባት፦ ማጽዳት ወይስ እንደገና መቅዳት?

አክስቴን ሳሎን ውስጥ በስልኬ ቀዳኋቸው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ሜትር ገደማ ርቆ ነበር። ስሰማው ፍሪጁ ከጀርባ እዝዝ ይላል፤ ድምፃቸውም ባዶ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ይመለሳል።

ማጽዳት። Audacity የሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነጻ ነው። ማንም ሳይናገር ፍሪጁ ብቻ የሚሰማበትን አንድ ሁለት ሰከንድ መርጣችሁ፣ Noise Reduction ውስጥ Get Noise Profile ትጫናላችሁ። ከዚያ ሙሉውን ቅጂ መርጣችሁ ከ6 እስከ 12 ዲሲቤል ትቀንሳላችሁ። እዝታው ስለማይለዋወጥ ፕሮግራሙ ይለየዋል። ካበዛችሁት ግን ሰውየው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። Residue ላይ አድርጋችሁ Preview ስትሉ የሚሰማው የሚወጣው ድምፅ ብቻ ነው፤ እዚያ ቃላት ከሰማችሁ አብዝታችኋል። ማስተጋባቱን ግን አይነካውም። እሱ እኮ የአክስቴ የራሳቸው ድምፅ ነው፣ ዘግይቶ የመጣ።

እንደገና መቅዳት። ወጪው ቡና አፍልቶ መለመን ነው። ፍሪጁ ይነቀላል (መልሶ መሰካት እንዳይረሳ!)፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ያለበት መኝታ ቤት ይገባል፣ ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይጠጋል። ስትጠጉ ቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ይጎላል፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ግን ባለበት ይቀራል። ችግሩ፣ ወሬ ሲደገም እንደ መጀመሪያው አይጣፍጥም።

እዝታ ብቻ ከሆነ ማጽዳቱ ይበቃል። ማስተጋባቱ ቃል ካጠፋ ደግማችሁ ቅዱ። ተናጋሪው ዳግም የማይገኝ ከሆነ እዝታውን ቀንሱና፣ ቅጂው ቪዲዮ ከሆነ ግርጌው ላይ ንግግሩን ጻፉበት።