የተፎካካሪን ማስታወቂያ ለማጥናት፦ የሜታ መዝገብ ይሻላል ወይስ የጉግል?

ተፎካካሪ ምን ብሎ ደንበኛ እንደሚጠራ ለማየት መክፈል አያስፈልግም፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታም ጉግልም የማስታወቂያ መዝገባቸውን ለማንም ክፍት አድርገዋል። ያላችሁ አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን መምረጥ ግድ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ አዲስ አበባ ዕቃ የሚልክ አነስተኛ ካርጎ ቤት አለን እንበል።

በሜታው facebook.com/ads/library ላይ አገሩን United States፣ ዓይነቱን All ads አድርገን የተፎካካሪውን ፔጅ ስም እንጽፋለን። ስሙን ካላወቅን በቃል መፈለግም ይቻላል። በሥራ ላይ ያለው ማስታወቂያ ከነምስሉና ከነጽሑፉ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ የማየው Started running on የሚለውን ነው፤ የተጀመረበት ቀን እዚያ አለ።

ሦስት ተፎካካሪ አገኘን እንበል። አንዱ “በኪሎ ዝቅተኛ ዋጋ” ይላል፤ ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሁለተኛው የፋሲካ ቅናሽ ያወጣው ከአራት ቀን በፊት ነው። ሦስተኛው “ቤትዎ ድረስ መጥተን እንረከባለን” ካለ ሰባት ወሩ ሲሆን በዚሁ ሐሳብ ላይ አራት የተለያዩ ቪዲዮዎች አሉት። ልብ ማለት ያለብን እሱን ነው። ዕድሜ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ተረስቶ የሚሮጥ ማስታወቂያም አለ። በየጊዜው አዲስ ቪዲዮ ከተጨመረበት ግን ሰው እየተከታተለው ነው ማለት ነው። ያም ሆኖ ስንት እንደወጣበትም ሆነ ስንት እንደሸጠ መዝገቡ አይነግረንም።

ተፎካካሪዎቹ ያልነኩትን ክፍተት ለማግኘት ማስታወቂያዎቹን ደንበኞቻችን ስልክ ደውለው ከሚጠይቁት ጋር እናስተያያለን። “ቀረጡን ማን ይከፍላል? እናቴ ዕቃው ሲደርስ ማን ይደውልላታል?” ይሉናል። ሦስቱም ስለ ላኪው እንጂ ስለ ተቀባይዋ ምንም አላሉም። ክፍተቱ ይኸው ነው። ዝም ያሉት ግን ቃል ሊገቡበት ስላልቻሉም ሊሆን ይችላልና፣ እኛ አዲስ አበባ ላይ የሚደውል ሰው ከሌለን አንጻፈው።

የጉግሉ adstransparency.google.com የሚፈለገው በአስተዋዋቂው ስም ወይም በድረ ገጹ አድራሻ ነው። በማስታወቂያው ጽሑፍ ውስጥ ባለ ቃል መፈለግ አይቻልም፤ ስለዚህ ማንን እንደምንፈልግ ቀድመን ማወቅ አለብን። የፍለጋና የዩቲዩብ ማስታወቂያዎችን ያሳያል፣ መጨረሻ የታዩበትንም ቀን ይሰጣል። ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ እንደወጡ ግን አይናገርም።

ደንበኛው ፌስቡክ ላይ ለሚውል ካርጎ ቤት ያለ ማመንታት ሜታን እመርጣለሁ። ደንበኞቻችሁ ጉግል ላይ ፈልገው የሚመጡ ከሆነና የተፎካካሪዎቻችሁን ድረ ገጽ ካወቃችሁ ከጉግል ጀምሩ።

አንድ ነገር አትርሱ፤ አሜሪካ ውስጥ የሚታይ የንግድ ማስታወቂያ ሲቆም ከሜታ መዝገብም ይጠፋል። ስለዚህ ስክሪንሾት አንስታችሁ ቀኑን ጻፉበት። ተፎካካሪው በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም የሚያስተዋውቅ ከሆነ አገሩን ጀርመን ወይም ስዊድን አድርጋችሁ እዩት፤ እዚያ የታየው ካቆመ በኋላም አንድ ዓመት ይቆያል፣ ለስንት ሰው እንደደረሰም ተጽፎበታል።