ለፓምፕ ባለሙያችን ምስጋና፤ ጠዋት ጠዋት ውኃ የሚያጣው ፓምፕ ጥፋቱ የራሱ አልነበረም

በግቢያችን ነዋሪዎች ስም ለአንድ የፓምፕ ባለሙያ ምስጋና ለማቅረብና ተመሳሳይ ችግር ላለባችሁ እሱን ለመጠቆም ነው የምንጽፈው። አዲስ አበባ ውስጥ የእጅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ ፓምፑን ከላይ አስቀምጣችሁ ውኃ ወደ ሮቶ የምትገፉ ከሆነ ይህ ብልሽት አንድ ቀን እናንተም ደጃፍ መምጣቱ አይቀርም።

ምልክቱ ይህ ነበር። ማታ በደንብ ሲሠራ ያመሸ ፓምፕ ጠዋት ሲነሳ ድምፁ ይሰማል፣ ውኃ ግን የለም። ዘበኛው ከላይ ያለውን የመሙያ ክዳን ፈቶ በጀሪካን ውኃ ይሞላና ቶሎ ክዳኑን አስሮ ሲያስነሳው ይሠራል። በማግስቱ እንደገና ያው ነው። ቀደም ብሎ የመጣ አንድ ሰው ፓምፑ አርጅቷል፣ ቀይሩት አለ። ሁለተኛው ደግሞ ከፓምፑ በላይ ወደ ሮቶ በሚሄደው መስመር ላይ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ቼክ ቫልቭ ጨመረና ነገሩን አባሰው። ለምን እንዳባሰው ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የአሁኑ ባለሙያ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠየቀ። አንደኛው፣ ፓምፑ ሲሠራ ሮቶው አፍ ላይ ውኃው እየተንፈቀፈቀ ነው ወይስ ሙሉ ሆኖ የሚወርደው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ያ ቼክ ቫልቭ ከመጨመሩ በፊት ፓምፑ ሲጠፋ የሞተሩ ማራገቢያ ወደ ኋላ ይዞር እንደነበረ ነው። ዘበኛው ውኃው ሙሉ ሆኖ እንደሚወርድ፣ ማራገቢያውም ሲጠፋ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ይዞር እንደነበረ ነገረው። በሁለቱ መልሶች ብቻ ጥርጣሬው ወደ ጉድጓዱ ሥር ወረደ። በመሳቢያው ቧንቧ መገጣጠሚያ አየር የሚገባ ቢሆን ኖሮ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ውኃው አየር እየቀላቀለ ይንፈቀፈቅ ነበር። ሲሠራ ንጹሕ ሆኖ ሲቆም ብቻ ውኃ የሚያጣ ፓምፕ ግን የሚጠቁመው ፉት ቫልቩን ነው፤ ማለትም በመሳቢያው ቧንቧ ጫፍ ውኃ ውስጥ የተቀመጠውንና ውኃ ወደ ላይ አሳልፎ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚዘጋውን። እንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ አየር መሳብ አይችልም፤ ሆዱና መሳቢያው ቧንቧ በውኃ ካልተሞሉ ክንፉ በከንቱ ይሽከረከራል።

ግምቱን በሙከራ አረጋገጠ። ብሬከሩን አጠፋ፣ ወደ ሮቶ የሚሄደውን ጌት ቫልቭ ዘጋ፣ የመሙያውን ክዳን ፈትቶ እስከ አፉ ሞላና ክዳኑን ሳይመልስ ቆሞ አየ። ባለ 1 ኢንች ቧንቧ በሜትር ግማሽ ሊትር ያህል ይይዛል። የእኛ መሳቢያ 7 ሜትር ተኩል ስለሆነ፣ ከፓምፑ ሆድ ጋር 5 ሊትር ገደማ ወሰደ። ውኃው 2 ደቂቃ ሳይሞላ ከዓይን ጠፋ። ደህና ፉት ቫልቭ ቢሆን እዚያው አፉ ላይ ይቆም ነበር። ክዳኑ ክፍት ሆኖ መሞከሩ ወሳኝ ነው፤ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ከታሰረ ከላይ አየር ስለማይገባ ውኃው ለጊዜው ተንጠልጥሎ ይቀርና ቫልቩ ደህና ይመስላል። ዘበኛው ቶሎ አስሮ ሲያስነሳው ይሠራ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቧንቧውን ያወጣው ከላይ ሆኖ በገመድ እየሳበ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አልገባም። ይህን ጠቅሰን ማለፍ የፈለግነው የእጅ ጉድጓድ ውስጥ የታፈነ አየር ሰው ስለሚገድል ነው። “ልግባና ልየው” የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አታስገቡት።

ቫልቩ ሲፈታ ነገሩ በዓይን ታየ። በፊት የገጠመው ሰው ጥርሱን በቃጫ ሲጠቀልል እስከ ጫፉ ድረስ ስለሄደ፣ የተረፈው ቃጫ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሎ በመክደኛው ዘንግ ላይ ተጠምጥሟል። በላዩ ላይ የኖራ ዝቃጭ ሲጋገርበት መክደኛው ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ቀረ። የቫልቩ ሞላ መክደኛውን ሊመልሰው ቢገፋም አልቻለም። ቃጫውን አውጥቶ፣ ዝቃጩን በኮምጣጤ አርሶ አጸዳውና በጣቱ ሲገፋው መክደኛው ተመልሶ ዘጋ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይበቃል ብሎ መልሶ ይገጥም ነበር። እሱ ግን ቫልቩን ከ1 ሜትር ቁራጭ ቧንቧ ጋር አሥሮ፣ ቀጥ አድርጎ ውኃ ሞላና ምልክት አደረገበት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውኃው አራት ጣት ወረደ። ጎማውን ገልብጦ ሲያሳየን ለረጅም ጊዜ ተጣሞ ስለተቀመጠ ጠርዙ ላይ ጎድጉዷል። ብቻውን የሚሸጥ ጎማ ስላልተገኘ ቫልቩ እንዳለ በነሐስ ባለ ሞላ ቫልቭ ተቀየረ።

አዲሱን ሲገጥም በቃጫ ፋንታ ቴፍሎን ተጠቀመ፤ የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ትቶ፣ ቁራጩ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ቧንቧውንም 40 ሴንቲ ሜትር አሳጠረው። የድሮው ቫልቭ የጉድጓዱን ወለል ሊነካ ጥቂት ስለቀረው አሸዋና ጭቃ ይስብ ነበር፤ አሁን ከወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሏል። በበጋ ውኃው ሲቀንስም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ውኃ ከላዩ መኖሩን በገመድ ለክቶ ነው የቆረጠው፤ አለዚያ ከላይ አየር ይስባል።

ያንን የተጨመረውን ቼክ ቫልቭ አነሳው። ምክንያቱን ስንጠይቀው ያስረዳን እንዲህ ነው፦ ከፓምፑ በላይ ያለ ቫልቭ ወደ ሮቶ የወጣውን ውኃ ይይዛል እንጂ ከፓምፑ በታች ያለውን አይይዝም፤ ያኛው በፓምፑ ዘንግ ዙሪያ ባለው ማሸጊያ፣ ማለትም በሲሉ በኩል ትንሽ አየር እንደገባ ቀስ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። በዚያ ላይ ፓምፑ ውስጥ የቀረው አየር ከላይ በውኃ ክብደት የተጫነውን ቫልቭ ከፍቶ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ውኃ መሙላቱ ከበፊቱ ይብሳል። በመሳቢያው በኩል፣ ፓምፑ አጠገብ እንዲጨመር የጠየቀ ጎረቤትም ነበር። እሱንም አልተቀበለም። በባሕር ጠለል ፓምፕ በንድፈ ሐሳብ ከ10 ሜትር ጥልቀት ይስባል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ስለሚቀል ይህ ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል፣ በተግባር ደግሞ 5 ወይም 6 ሜትር ነው። በበጋ ውኃችን 5 ሜትር ላይ ስለሚቆም ለተጨማሪ ቫልቭ የሚባክን አቅም የለንም።

ደረቁን ሲሽከረከር የከረመውን ሲል አይቶ ገና ነው አለ፤ ከሥሩ ውኃ ማንጠባጠብ ከጀመረ ግን ሳትቆዩ ጥሩኝ ብሏል። ዋጋውን ሥራ ሳይጀምር ተናገረ፣ የተቀየረውን ቫልቭ በእጃችን ሰጠን። በማግስቱ ጠዋት ማንም ፓምፑን ሳያስነሳ መጥቶ ክዳኑን ፈታ። ውኃው አፉ ላይ ነበር።

ስልኩን ሰጥቶናል፣ ለሚፈልግ እንዲሰጥም ፈቅዷል። በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ስትጽፉም የጉድጓዳችሁን ጥልቀትና የመሳቢያችሁን ቧንቧ ስፋት አብራችሁ ንገሩን፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።