አዳማ ላይ ሪሌ የምትገዙ፦ በታሸገ ከረጢት የሚሰጣችሁን አትቀበሉ

ዛሬ ጠዋት ከ40 ጫጩቶቼ 11ዱን ቀብሬያለሁ። የገደላቸው ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ ያደረው የማሞቂያ አምፖል ነው፤ አልጠፋም ያለው ደግሞ ባለፈው ሳምንት እዚሁ አዳማ በ650 ብር በገዛሁት የሪሌ ሰሌዳ ምክንያት ነው። የሱቁን ስም አልጽፍም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ፦ ጥሩው ዕቃ መስታወት ውስጥ ይደረደራል፣ የሚሸጠው ከባንኮኒው ሥር ይወጣል፣ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል።

ሥራው ቀላል ነበር። አርዱዊኖው የሣጥኑን ሙቀት ያነብባል፤ ከ33 ዲግሪ ሲወርድ አምፖሉን ያበራል፣ 35 ሲደርስ ያጠፋል። በ220 ቮልቱና በአርዱዊኖው መካከል የሚቆመው ሪሌው ነው። ስለዚህም ከመግዛቴ በፊት መነጽሬን አድርጌ፣ «የሪሌው ኮይል ላይ ዳዮድ አለው?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ የማሳያውን ሰሌዳ ከመስታወቱ አወጣና ጫፉ ላይ መስመር ያለባትን ትንሽ ጥቁር ነገር በጣቱ አሳየኝ። «ይኸውልዎት ጋሼ። ኦፕቶካፕለርም አለው፤ መብረቅ ቢመታው እንኳ ወደ አርዱዊኖዎ አይሻገርም።» በዓይኔ አየሁ፣ ረካሁ። ከዚያ ሰሌዳውን ወደ ቦታው መለሰው። «ይህን ስንቱ ነካክቶታል፤ አዲሱን ልስጥዎት» ብሎ አጎነበሰና የታሸገ ብርማ ከረጢት አወጣ። ልከፍተው ስል፣ «ከከፈቱት መመለስ የለም» አለኝ። እኔም አመስግኜው ወጣሁ። አመሰገንሁት!

ቤት ስገባ እንደገና አላየሁትም። ሜትሬን ኮይሉ ላይ አድርጌ 70 ኦም ገደማ ሲያነብብልኝ ደህና ነው ብዬ ተውሁት። ዳዮዱ ከኮይሉ ጋር ጎን ለጎን ስለሚገናኝ ሜትር የሚያነብበው ኮይሉን ነው፤ ዳዮድ ኖረም አልኖረም ቁጥሩ ያው ነው። ይህን እያወቅሁ ተሞኘሁ።

ሰሌዳው ዳዮድ አልነበረውም። ቦታው ላይ የቀረው የቀድሞ ብየዳ ብቻ ነው፤ ማለትም አንድ ሰው ነቅሎት መልሶ አሽጎታል። በኮይሉ ውስጥ 70 ሚሊአምፒር ያህል ይፈስሳል። ኮይሉን የሚያበራውና የሚያጠፋው ትራንዚስተር ፍሰቱን ሲቆርጥ ኮይሉ ወዲያው አያቆምም፤ መውጫ ካጣ ቮልቴጁ በቅጽበት ከ5 ቮልት እጅግ ከፍ ብሎ ይተኮሳል። ዳዮዱ ያንን ፍሰት ወደ ኮይሉ መልሶ እያዞረ ያበርደዋል። ዳዮድ ከሌለ ዱላውን የሚቀበለው ትራንዚስተሩ ነው፤ የእኔው ደግሞ በየጥቂት ደቂቃው ይቀበል ነበር።

ምልክቱን አይቼ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አምፖሉ በጠፋ ቁጥር አርዱዊኖው እንደገና ይነሣ ነበር። ሽቦ ላልቷል ብዬ ሽቦ ሳጠብቅ ዋልሁ። ልጁ «አይንኩት» ያለኝ የ JD-VCC እና የ VCC ማገናኛ እንደተሰካ ስለነበር ሪሌውና አርዱዊኖው አንድ 5 ቮልት ይጋሩ ነበር፤ የተወራለት ኦፕቶካፕለርም ምንም አልለየም።

በሦስተኛው ሌሊት ትራንዚስተሩ ተቃጥሎ እንደ ተራ ሽቦ አስተላላፊ ሆነ። ጠዋት ስደርስ ሣጥኑ ውስጥ 43 ዲግሪ ነበር። ከአርዱዊኖው የሚመጣውን የትእዛዝ ሽቦ ነቀልሁ፤ አምፖሉ እንደበራ ነው። የሪሌውን 5 ቮልት ስነቅል ግን ቀጭ ብሎ ጠፋ። የሪሌው መገናኛ ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ አይጠፋም ነበር።

ሰሌዳውን ይዤ ተመለስሁ። ልጁ ባዶውን ቦታ ገልበጥ አድርጎ አየና በሱቁ ለቆሙት ሰዎች ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አቃጥለውት ነው። የማያውቁትን ነገር ባይነካኩ ጥሩ ነው» አለ። ሁለቱ ሣቁ። ያቺ ዳዮድ ያላት የማሳያ ሰሌዳ ከጀርባው መስታወቱ ውስጥ ነበረች።

ለምትገዙ፦ ገንዘቡን ሳትከፍሉ ከረጢቱን አስከፍቱና ዳዮዱን በዓይናችሁ እዩ። ከሌለ 1N4007 በኮይሉ ሁለት እግሮች ላይ ማበየድ ይቻላል፤ መስመር ያለው ጫፍ ወደ ፖዘቲቩ ይሁን። ማገናኛውን ነቅላችሁ JD-VCC እና GND ላይ ሌላ 5 ቮልት ስጡ፤ ከአርዱዊኖው VCC እና የትእዛዙ ሽቦ ብቻ ይምጡ፣ የሁለቱን GND አታገናኙ። በ220 ቮልቱ በኩል ሪሌው የሚቆርጠው ፌዙን ይሁን፤ ኒውትራሉ ብቻ ከተቆረጠ አምፖሉ ጠፍቶም መያዣው ኤሌክትሪክ ይይዛል። ያንን ወገን ስትነኩ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ።