1,999 ወይስ «ከ3,500 የወረደ»?

ሁለት ጫማ እንይ። አንዱ ላይ 1,999 ብር ተለጥፏል። ሌላው ላይ 3,500 ተሰርዞ 2,200 ተጽፏል።

የመጀመሪያው ዘዴ ዓይንን ነው የሚሸውደው። ቁጥር ከግራ ስለምናነብ «አንድ ሺህ» የሚለው ቀድሞ ልባችን ውስጥ ይገባል። ከ2,000 የሚለየው ግን በአንድ ብር ነው! ጉልበት የሚኖረውም የግራው አኃዝ ሲቀየር ነው፤ 2,150ን 2,149 ማድረግ ብዙም አይፈይድም።

ሁለተኛው ይብሳል። 3,500 መነሻ ስለሚሆን 2,200ን የምንመዝነው በጫማው ጥራት ሳይሆን በተሰረዘው ቁጥር ነው። መርካቶ ውስጥ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋም ሥራው ይኸው ነው። ግማሹን ብናስቀንስ እንኳ የተከራከርነው እሱ ከጠራው ተነስተን ነው። ዋጋውን በደንብ የምናውቀው ዕቃ ላይ፣ ለምሳሌ ስኳር ላይ፣ ዘዴው ይዳከማል። ጫማ ላይ ግን ማን ያውቃል? እኔ ሦስት ሱቅ ሳልጠይቅ የተሰረዘ ቁጥር አላምንም።