ደብረ ብርሃን ፎቅ ላይ ሱቅ ለተከራያችሁ፦ የሰርቪስ ቻርጁን ዝርዝር ሳትደምሩ አትክፈሉ

ከኪራዩ ሌላ በየሦስት ወሩ ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለጋራ መብራት እየተባለ የምንከፍለው ሰርቪስ ቻርጅ አለ። በእኛ ሕንፃ የዚህ ሩብ ዓመት ዝርዝር ተሳስቶ ተደምሮ መጣ። ብዙዎቹ ጎረቤቶቼ የታችኛዋን ቁጥር ብቻ አይተው ከፍለዋል። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ገንዘቡ ለአንድ ትንሽ ሱቅ ቀላል አይደለም።

ወረቀቱ ላይ ለመላው ሕንፃ የወጣው ወጪ ተዘርዝሯል። ጥበቃ 36,000፣ ጽዳት 18,000፣ የጋራ መብራት 9,600፣ ውሃ 5,400 ብር። ከሥራቸው «ንዑስ ድምር 69,000» ይላል። ከዚያ የጄኔሬተር ናፍጣ 21,000 እና ጥገና 6,000 ይከተላሉ። መጨረሻ ላይ «ጠቅላላ ድምር 165,000»።

ወጪዎቹን አንድ በአንድ በስልካችሁ ደምሩ። 96,000 ነው የሚመጣው። ትርፉ 69,000 ነው፣ ልክ ንዑስ ድምሩን ያክላል። አራቱ ወጪዎች አንዴ ለየብቻ፣ አንዴ ደግሞ በንዑስ ድምሩ በኩል ተቆጥረዋል ማለት ነው። የእኔ ድርሻ በውሉ መሠረት ከመቶ 5 ነው። 4,800 መክፈል ሲገባኝ 8,250 ተጠየቅኩ።

እናንተም ድምሩ አልገጥም ካላችሁ መጀመሪያ ልዩነቱን እዩት። ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ፣ ያ ቁጥር ሁለቴ ገብቷል ወይም ተዘሏል። ለ9 እኩል የሚካፈል ከሆነ ደግሞ ሁለት አኃዞች ቦታ ተቀያይረው ሊሆን ይችላል። 5,400 በ4,500 ሲጻፍ እንደሚሆነው።

ለባለቤቱ የጻፍኩት ደብዳቤ ይኸው፦

«ለሕንፃው ባለቤት፤ ደብረ ብርሃን
ጉዳዩ፦ የጋራ አገልግሎት ክፍያ ድምር እንዲታረም ስለመጠየቅ
ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ላለው ጊዜ የላኩልኝ ዝርዝር ጠቅላላ ድምሩ 165,000 ብር ይላል። የተዘረዘሩት ስድስት ወጪዎች ሲደመሩ ግን 96,000 ብር ናቸው። የ69,000 ብሩ ልዩነት የመጣው ንዑስ ድምሩ እንደ አንድ ወጪ ተቆጥሮ በመደመሩ ነው። በውላችን መሠረት የእኔ ድርሻ ከመቶ 5፣ ማለትም 4,800 ብር ስለሆነ ይህንኑ በባንክ ገቢ አድርጌያለሁ። ደረሰኙን አያይዣለሁ። ቀሪው 3,450 ብር የማይገባ ስለሆነ፣ የታረመና የተፈረመበት ዝርዝር በ10 ቀን ውስጥ እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

እውነቱን ለመናገር የናፍጣው ዋጋም አልተዋጠልኝም። ደብዳቤው ውስጥ ግን ሆን ብዬ አላነሳሁትም። ድምር ላይ ክርክር የለም፣ ማንም በካልኩሌተር ያረጋግጠዋል። ናፍጣውን ከጨመራችሁበት ወሬው ሁሉ ወደ ናፍጣ ይዞርና የድምሩ ነገር ተዳፍኖ ይቀራል። ለእሱ ሌላ ደብዳቤ ጻፉ፣ የነዳጅ ደረሰኝም ጠይቁ።

ሌላው፣ የማትከራከሩበትን ገንዘብ በቀኑ ክፈሉ። ምንም ሳትከፍሉ ብትቀሩ «ተከራዩ ውል አፈረሰ» ሊባልባችሁ ነው። ሙሉውንም ከፍላችሁ «በኋላ አስመልሳለሁ» አትበሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው መልሶ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እንደማይገባው እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ግን ማስመለሱ ይቸግረዋል። ስህተቱን ካያችሁት በኋላ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁና አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ቀን ጽፎ እንዲፈርም አድርጉ። አልፈርምም ካለ ፖስታ ቤት ሂዱና በሪኮማንዴ ላኩት። በቃል ወይም በስልክ የተነገረ አቤቱታ ነገ ማስረጃ አይሆናችሁም።

የሕንፃው አስተዳዳሪ መጀመሪያ «ኮምፒውተር ነው የደመረው፣ እንዴት ይሳሳታል?» አለኝ። ፋይሉን ከፍቶ ሲያሳየኝ ጠቅላላ ድምሩ ላይ ያለው ቀመር ይህ ነበር፦

```
=SUM(B2:B8)
```

ንዑስ ድምሩ B6 ላይ ነው ያለው፣ እሱም አብሮ ተደምሯል። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው የደመረው። የእኔን አረሙልኝ፣ የተፈረመበትም ወረቀት ሰጡኝ።

የሚያሳስበኝ የሌሎቹ ነው። ቀድመው ለከፈሉት ጎረቤቶቼ እስካሁን ማንም ምንም አላላቸውም። ቀመሩ ያው ከሆነ ያለፉት ዝርዝሮችም እንዲሁ ተደምረው ሊሆን ይችላል። ከፍላችሁ ከሆነ የድሮ ወረቀቶቻችሁን አውጡና ንዑስ ድምር ያለበትን ሁሉ እንደገና ደምሩ። ትርፉን፣ ወሩንና የባንክ ደረሰኙን ጠቅሳችሁ ጻፉላቸው። «ከሚቀጥለው እንቀንስላችኋለን» ካሏችሁም፣ ስንት ብር ከየትኛው ክፍያ ላይ እንደሚቀነስ በጽሑፍ አስፈርሟቸው።